በሙከራ ያተረፈ የሌሊት ስልት በእውነተኛው ገበያ ለምን ይከስራል? ስፕሬድን፣ ስሊፔጅንና ኮሚሽንን ለክቶ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በፍኖተ ሰላም የውጭ ምንዛሪ ግብይት የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኞቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው። መምህሩ ከክፍል፣ ነጋዴው ከሱቁ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከቢሮው ሲመለስ ነው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው። ስለዚህም ብዙዎቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው ጸጥተኛ ሰዓት የሚሠራ ስልት ይመርጣሉ። በዚያ ሰዓት የለንደንም የኒውዮርክም ገበያ አርፏል፤ ዋጋው ትንሽ ወጣ ይልና ወደ መሐሉ ይመለሳል። «ሲወርድ ግዛ፣ ወደ አማካዩ ሲመለስ ሽጥ» የሚለው ስልት በሜታትሬደር 5 የግብይት ፕሮግራም ባለፉ ዋጋዎች ላይ ሲሞከር የትርፉ መስመር ያለ ብዙ መንገዳገድ ሽቅብ ይወጣል። በእውነተኛ ገንዘብ ሲጀመር ግን ሒሳቡ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው ገበያው ተለወጠ ብሎ ያስባል፤ ወይም የስልቱን ቁጥሮች መነካካት ይጀምራል። በእኔ እምነት ግን የሌሊት ስልቶች የሚበዙት የሚወድቁት ገበያው ስለተለወጠ ሳይሆን ሙከራው የገዛበት ዋጋ በዚያች ደቂቃ ለማንም የቀረበ ዋጋ ስላልነበረ ነው። ይህ መመሪያ በዩሮና በዶላር ጥንድ (በሜታትሬደር ስሙ `EURUSD`) ላይ የሚሠራ አንድ የሌሊት ስልት ወስዶ ወጪዎቹ እንዴት እንደሚለኩ፣ በሙከራው ውስጥ እንዴት እንደሚገቡና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ብሮከር ላይ በለካቸው ቁጥሮች ሊተካቸው ይገባል።

መነሻ፦ ሦስቱ ወጪዎች በአንድ መስፈሪያ

በገበያው ላይ በማንኛውም ቅጽበት ሁለት ዋጋዎች አሉ። እኛ የምንሸጥበት ዋጋ ቢድ ሲባል የምንገዛበት ደግሞ አስክ ይባላል፤ አስክ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከቢድ ከፍ ይላል፤ ልዩነታቸውም ስፕሬድ ነው። ቡሬ የእህል ገበያ ወጥቶ ከነጋዴ አንድ ኩንታል በቆሎ የገዛ ሰው እዚያው ቆሞ ለዚያው ነጋዴ ልመልስልህ ቢለው የሚሰጠው ዋጋ ከከፈለው ያነሰ ነው። የበቆሎ ዋጋ ምንም ሳይንቀሳቀስ ገንዘቡ ጎድሏል፤ በመካከል ደላላ ካለ ደግሞ የእሱም ድርሻ አለ። የደላላው ድርሻ በእኛ ጉዳይ ኮሚሽን ነው። ስሊፔጅ ደግሞ ትእዛዙን ስንልክ ባየነው ዋጋና ትእዛዙ በእርግጥ በተፈጸመበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እነዚህን ሦስቱን ለማወዳደር ሁሉንም ወደ ፒፕ መለወጥ ያስፈልጋል። በዩሮና በዶላር ጥንድ አንድ ፒፕ 0.0001 ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ስለሆነ የአንድ ፒፕ ዋጋ 10 ዶላር፣ በ0.10 ሎት 1 ዶላር፣ በ0.01 ሎት ደግሞ 10 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ብሮከሩ ለአንድ ሎት መግቢያና መውጫ በድምሩ 7 ዶላር ኮሚሽን የሚያስከፍል ከሆነ ያ 0.7 ፒፕ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሮከሩ የጻፈው ክፍያ የአንድ ወገን ይሁን የሁለት ወገን ሳያጣራ በመቅረቱ ነው። «በሎት 3.5 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ለመግቢያው ብቻ ነው፤ ለመውጫውም ያው ስለሚከፈል እጥፍ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ሙከራው በየትኛው ዋጋ እንደተሠራ ማጣራት

የሜታትሬደር የምንዛሪ ቻርት የሚሳለው በቢድ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል እውነት የጉዳዩ ሁሉ ሥር ናት። ግዢ ስንፈጽም በአስክ እንገባለን፣ በቢድ እንወጣለን፤ ስለዚህ ግዢን የሚጎዳው በመግቢያው ደቂቃ ያለው ስፕሬድ ነው። ሽያጭ ስንከፍት ደግሞ በቢድ ገብተን በአስክ እንዘጋለን፤ ስለዚህ እሱን የሚጎዳው በመውጫው ደቂቃ ያለው ስፕሬድ ነው። «ቻርቱ ላይ ዋጋው ስቶፕ ሎሴን ሳይነካ ተመታብኝ» የሚለው ተደጋጋሚ ቅሬታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ የሽያጭ ስቶፕ ሎስ የሚመታው በአስክ ሲሆን ቻርቱ ግን አስክን አያሳይም። በቻርቱ ማስተካከያ ውስጥ የአስክ መስመር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም የሚታየው የአሁኑ እንጂ ያለፈው አስክ አይደለም።

ሙከራው በደቂቃ ሻማዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ስፕሬዱም አንድ ቋሚ ቁጥር ሆኖ ከተሠራ ፕሮግራሙ አስክን የሚፈጥረው ቢድ ላይ ያንን ቋሚ ቁጥር በመደመር ነው። ቀን በለንደን ሰዓት ይህ ብዙም አይጎዳም። በሌሊት ስልት ላይ ግን የሌለ ትርፍ ይፈጥራል፤ እንዴት እንደሆነ አንድ ግብይት ቀርበን እንመልከት።

በኒውዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ 5፡00 ላይ የምንዛሪው ቀን ይዘጋል፤ አዲሱም ይከፈታል። ባንኮች በዚያች ጊዜ ዋጋ ማቅረባቸውን ስለሚቀንሱ ስፕሬዱ ለጥቂት ደቂቃዎች በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ሲሰፋ አስክ ወደ ላይ፣ ቢድ ወደ ታች ይሄዳል። ከመዘጋቱ በፊት ቢድ 1.08500፣ አስክ 1.08502 ነበር እንበል፤ ስፕሬዱ 0.2 ፒፕ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢድ 1.08465፣ አስክ 1.08515 ሆነ፤ ስፕሬዱ 5 ፒፕ ደረሰ። የሁለቱን መሐል ብንወስድ ዋጋው በእርግጥ የወረደው ከ1.08501 ወደ 1.08490 ነው፤ አንድ ፒፕ ከትንሽ ብቻ። በቢድ ቻርት ላይ ግን የ3.5 ፒፕ ቁልቁለት ይታያል።

ስልቱ ይህንን ቁልቁለት አይቶ «ወርዷልና ግዛ» ይላል። ቋሚ 0.2 ፒፕ ስፕሬድ የተሰጠው ሙከራ በ1.08467 ይገዛል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስፕሬዱ ጠቦ ቢድ ወደ 1.08498 ሲመለስ ይሸጥና 3.1 ፒፕ ትርፍ ይመዘግባል። በእውነተኛው ሒሳብ ግን ግዢው የሚፈጸመው በ1.08515 ነው፤ በ1.08498 ሲዘጋ 1.7 ፒፕ ኪሳራ ነው። በአንዲት ግብይት ላይ ብቻ የ4.8 ፒፕ ልዩነት አለ። ስልቱ ዋጋው እንደሚመለስ መተንበዩ ትክክል ነበር፤ የተመለሰው ግን የገበያው ዋጋ ሳይሆን ስፕሬዱ ራሱ ነው። ከስፕሬድ መጥበብ ደግሞ ማንም ደንበኛ ሊያተርፍ አይችልም።

ይህ ብቻም አይደለም። የስልቱን ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመርጥ ካደረግን እሱ የሚፈልገው ከፍተኛውን ትርፍ ስለሆነ ወደዚህ ሐሰተኛ ትርፍ ሄዶ ይለጠፋል። ምርጥ ሆነው የወጡት ቁጥሮች ሁሉ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ብዙ ግብይት የሚያደርጉ ሆነው ከተገኙ ያ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው።

ደረጃ 2፦ ስፕሬዱን በየሰዓቱ መለካት

ብሮከሩ «ከ0.0 ፒፕ ጀምሮ» ብሎ የሚያስተዋውቀው ስፕሬድ በቀኑ ምርጥ ደቂቃ የሚታየው ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ስልቱ በሚሠራበት ሰዓት ያለው ነው። በሜታትሬደር 5 ላይ `Ctrl+U` ሲጫኑ የጥንዶቹ ዝርዝር ይከፈታል። በውስጡ `Ticks` የሚለውን ገጽ መርጠው፣ ጥንዱንና የቀኑን ገደብ ሞልተው `Request`፣ ቀጥሎም `Export Ticks` ሲጫኑ እያንዳንዱ የዋጋ ለውጥ ከነቢዱና ከነአስኩ በፋይል ይቀመጣል። የአንድ ወር መረጃ ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል። ፋይሉ ትልቅ ስለሚሆን በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው በየሳምንቱ ከፍሎ ቢያወርደው ይሻላል።

በዚህ ፋይል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቢድ ብቻ ሲለወጥ የአስኩ ቦታ፣ አስክ ብቻ ሲለወጥም የቢዱ ቦታ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ቦታ በፊተኛው ዋጋ ሳይሞሉ ማስላት የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። የሚከተለው አጭር የፓይተን ኮድ ባዶውን ይሞላል፤ ከዚያም በየሰዓቱ መካከለኛውን ስፕሬድና ከመቶ ዘጠና አምስቱ የዋጋ ለውጦች የማይበልጡትን የስፕሬድ ጣሪያ ያወጣል።

```python
import pandas as pd
t = pd.read_csv("EURUSD_ticks.csv", sep="\t")
c = ["<BID>", "<ASK>"]
t[c] = t[c].ffill()
t["pip"] = (t["<ASK>"] - t["<BID>"]) / 0.0001
t["hour"] = t["<TIME>"].str[:2]
print(t.groupby("hour")["pip"].quantile([.5, .95]).unstack())
```

የሚወጣው ሰዓት የብሮከሩ ሰርቨር ሰዓት ነው። ብዙ ብሮከሮች ሰርቨራቸውን የሚያስተካክሉት የኒውዮርክ መዝጊያ በእነሱ አቆጣጠር 00፡00 ላይ እንዲውል ነው። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋበት ወቅት፣ ማለትም ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ ይህ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። በቀሪዎቹ አራት ወራት ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ እኛ ሰዓታችንን አንለውጥምና። በጎጃም ተቀምጦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ልግባ፤ ያኔ ስፕሬዱ ጠቧል» ብሎ በራሱ ሰዓት የወሰነ ሰው በኅዳር ወር ስፕሬዱ ከመስፋቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ የሰፋው ስፕሬድ ውስጥ ተከፍቶ ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ የሰዓት ገደብ ሁልጊዜ በሰርቨሩ ሰዓት ይጻፍ።

ደረጃ 3፦ ስሊፔጁን በትንሽ እውነተኛ ገንዘብ መለካት

ስፕሬድን ከመረጃ ማውጣት ይቻላል፤ ኮሚሽንን ከብሮከሩ ገጽ ማንበብ ይቻላል። ስሊፔጅን ግን በራስ ትእዛዝ ካልሆነ ማወቅ አይቻልም። የዴሞ አካውንትም አይጠቅምም፤ በዴሞ ትእዛዙ ወደ እውነተኛ ገበያ ስለማይሄድ አብዛኛውን ጊዜ በታየው ዋጋ ይፈጸማል። በ0.01 ሎት መቶ ያህል ግብይት በእውነተኛ አካውንት ማካሄድ ያስፈልጋል። የአንዱ ግብይት ጠቅላላ ወጪ 1.5 ፒፕ ቢሆን 15 ሳንቲም ነውና የመቶው ወጪ 15 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ለዚህ ዓይነቱ እውቀት ውድ ነው አልልም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ትእዛዙ ሲላክ በዚያ ቅጽበት የታየውን ዋጋ፣ ሲገዙ አስክን ሲሸጡ ቢድን፣ ከነሰዓቱ ይመዝግቡ፤ በፕሮግራም የሚሠራ ስልት ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጽፈው ያድርጉ። ቀጥሎ በታሪክ ገጹ ላይ የተፈጸመበትን ዋጋ አውጥተው ልዩነቱን በፒፕ ያስሉ። መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ ይያዙ፤ የትእዛዙንም ዓይነት ይለዩ፤ ባሕርያቸው አንድ አይደለምና። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ወደ ገበያ ትእዛዝ ስለሚለወጥ በቀጣዩ በሚገኘው ዋጋ ይዘጋል፤ ዋጋው ወደ ጉዳታችን እየሮጠ ባለበት ሰዓት ስለሚነካም ስሊፔጁ በአብዛኛው በእኛ ላይ ነው። የሊሚት ትእዛዝ ደግሞ ከተጠየቀው በከፋ ዋጋ አይፈጸምም፤ የእሱ ጉዳት ጭራሽ አለመፈጸሙ ነው።

ይህንን የሊሚት ጉዳይ ብዙዎች እንደ መዳኛ ስለሚይዙት ትንሽ ላብራራው። የግዢ ሊሚት የሚፈጸመው አስክ ወደ ተጠየቀው ዋጋ ሲወርድ ነው፤ በቢድ ቻርት ላይ ደግሞ ይህ ማለት ዋጋው ከሊሚቱ በታች በስፕሬዱ ልክ መውረድ አለበት ማለት ነው። ሙከራው ቢድ ሊሚቱን በነካ ቁጥር «ተፈጸመ» ብሎ ከቆጠረ ነክተው ወዲያው የተመለሱትን፣ ማለትም ምርጦቹን ግብይቶች ያለአግባብ ትርፍ አድርጎ ጽፏል። በእውነተኛው ገበያ እነዚያ ያመልጣሉ፤ ሰንጥቆ የሚወርደው ዋጋ ግን አንድም ሳይቀር ይፈጸማል። ስለዚህ በሊሚት ያዳንን የመሰለንን ስፕሬድ በአሸናፊዎቹ መጉደል እንከፍለዋለን።

ርቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። በሜታትሬደር 5 መስኮት በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ትእዛዛችን ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ይታያል። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ በሞባይል ኔትወርክ ለንደን ወዳለ ሰርቨር ሲላክ ይህ ቁጥር ከመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጨናነቅም ብዙ ይዘላል። ሰርቨሩ አጠገብ የተከራየ ኮምፒውተር (ቪፒኤስ) መጠቀም ይህንን ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ ያወርደዋል፤ ስፕሬዱንና ኮሚሽኑን ግን ቅንጣት አይቀንሰውም፤ የወር ኪራዩም በወጪ ውስጥ መቆጠር አለበት። የቪፒኤስ ትልቁ ጥቅም መብራት ሲጠፋ ነው። ስቶፕ ሎስና ቴክ ፕሮፊት ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጡ ቤታችን መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ፤ ተከታይ ስቶፑ (ትሬሊንግ ስቶፕ) ግን የሚሠራው ፕሮግራሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ባለበት ይቆማል።

የመቶ ግብይት አማካይ የማያሳየው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 የስዊስ ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት የነበረውን ወለል በድንገት ሲለቅ፣ ከ1.20 ትንሽ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ስቶፕ ሎሶች ከታሰበላቸው ዋጋ እጅግ ርቀው ተፈጸሙ፤ በመካከል ዋጋ የሚያቀርብ አልነበረምና። እንዲህ ያለው ቀን በአማካይ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ የሚመከተው በግብይቱ መጠን ትንሽነት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የሙከራውን ውጤት በሰዓት ከፍሎ ወጪውን ማስገባት

አሁን ወደ ስልታችን እንመለስ። የአንድ ዓመት ሙከራ 600 ግብይት አሳይቷል፤ በአማካይ በግብይት 1.8 ፒፕ፣ በድምሩ 1,080 ፒፕ አትርፏል። በ0.10 ሎት 1,080 ዶላር ማለት ነው። ሙከራው የተሠራው በቋሚ 0.2 ፒፕ ስፕሬድ፣ ያለ ኮሚሽንና ያለ ስሊፔጅ ነው። ግብይቶቹ ሁሉ ከቀኑ መዝጊያ በኋላ ተከፍተው ከመንጋቱ በፊት ስለሚዘጉ ስዋፕ የሚባለው የማሳደሪያ ክፍያ እዚህ አይነካንም።

መጀመሪያ ግብይቶቹን በመግቢያ ሰዓታቸው እንከፍላቸዋለን። 150ዎቹ የገቡት ከመዝጊያው ቀጥሎ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሆኖ እናገኛለን፤ አማካይ ትርፋቸው 3.6 ፒፕ፣ ድምራቸው 540 ነው። ቀሪዎቹ 450 በአማካይ 1.2 ፒፕ አትርፈው እነሱም 540 አስገኝተዋል። ከግብይቱ ሩብ የሆነው አንድ ሰዓት የትርፉን ግማሽ ይዟል። በማንኛውም የሌሊት ስልት ላይ ይህን ክፍፍል ያየ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ይህንን ሰዓት ሊመረምር ይገባል።

በደረጃ 2 የወጣውን መረጃ ተጠቅመን የእነዚያን 150 ግብይቶች የእያንዳንዱን መግቢያ በእውነተኛው አስክ ስንተካው በአማካይ 4.1 ፒፕ ይጎድላል እንበል፤ 3.6 የነበረው 0.5 ኪሳራ ይሆናል። በቀሪዎቹ 450 ላይ ደግሞ የሌሊቱ እውነተኛ ስፕሬድ 0.6 ሆኖ ስለተገኘ ከተገመተው በ0.4 ይበልጣል፤ 1.2 የነበረው ወደ 0.8 ይወርዳል። በሁለቱም ላይ ኮሚሽኑ 0.7፣ የመግቢያና የመውጫ ስሊፔጅ በድምሩ 0.2 ይቀነሳል። ውጤቱ ለመጀመሪያዎቹ በግብይት 1.4 ፒፕ ኪሳራ፣ ለቀሪዎቹ 0.1 ፒፕ ኪሳራ ነው። በድምሩ 210 እና 45፣ ማለትም 255 ፒፕ ኪሳራ። 1,080 ዶላር ያተረፈው ሙከራ 255 ዶላር የሚያከስር ስልት ሆኖ ተገኘ፤ የመግቢያና የመውጫ ሕጉ ግን በአንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም።

ኪሳራው በዝግታ መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው። በግብይት አማካዩ ከግማሽ ፒፕ በታች ስለሆነ ከተለመደው የሌሊት ውጣ ውረድ ለይቶ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሰውየው ሦስት ጥሩ ሌሊት ሲያገኝ ስልቱ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ በዚያ ወቅት ሎቱን ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ ሙከራውን በእውነተኛ ዋጋዎች መድገም

የእጁን ስሌት በፕሮግራሙ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሜታትሬደር 5 መሞከሪያ ውስጥ `Every tick based on real ticks` የሚለው አሠራር ብሮከሩ የመዘገባቸውን እውነተኛ ቢድና አስክ ይጠቀማል፤ ስፕሬዱ በየቅጽበቱ እንደነበረው ይገባል ማለት ነው። እዚያው ያለው የመዘግየት ማስተካከያ ትእዛዙ በተመረጠ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንዲፈጸም ያስችላል፤ በደረጃ 3 ከመስኮቱ ጥግ ያነበቡትን ቁጥር ይስጡት። ኮሚሽኑ በውጤቱ ዝርዝር ውስጥ በእርግጥ እየተቀነሰ መሆኑን በአንድ ግብይት ላይ በእጅ አስልተው ያረጋግጡ።

ይህ አሠራር የራሱ ገደብ አለው። ብሮከሩ ያስቀመጠው የኋላ መረጃ ጥቂት ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ መረጃ በሌለበት ቀን ፕሮግራሙ ከደቂቃ ሻማዎች ዋጋ ፈጥሮ ይሞላል፤ ይህንንም በመዝገቡ ላይ ይጽፋል እንጂ ሙከራውን አያቆምም። ስለዚህ ሙከራው ካለቀ በኋላ መዝገቡን ሳያነቡ ውጤቱን አይመኑት።

ደረጃ 6፦ የሚቀረውን ስልት ማዳን ይቻል እንደሆነ መወሰን

የመዝጊያውን ሰዓት ማስወገድ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ 210 ፒፕ ኪሳራ በአንድ መስመር ኮድ ይቀራል። ቀሪዎቹ 450 ግን አሁንም በግብይት 0.1 ፒፕ ያከስራሉ። ያለ ምንም ወጪ ትርፋቸው 1.4 ፒፕ ነው፤ ወጪያቸው 0.6 እና 0.7 እና 0.2፣ በድምሩ 1.5። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮሚሽኑ የሚቀንስ ሌላ ብሮከር ፍለጋ ይወጣል። ወጪው 1.2 ቢሆን ስልቱ በግብይት 0.2 ፒፕ ያተርፋል፤ ነገር ግን ስፕሬዱ በሩብ ፒፕ የሰፋበት ወር ይህንን ጠርጎ ይወስደዋል። እኔ የምይዘው መለኪያ ያለ ወጪ የሚገኘው አማካይ ትርፍ ከጠቅላላው ወጪ ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ነው፤ በዚህ ምሳሌ 3 ፒፕ። ከዚያ በታች ያለውን ስልት በእውነተኛ ገንዘብ አልጀምረውም።

ወደ 3 ፒፕ የሚያደርሰው ሁነኛ መንገድ የግብይቱን ርቀት ማርዘም ነው። ወጪው በግብይት አንድ ጊዜ የሚከፈል ቋሚ ነገር ነው፤ የዋጋው እንቅስቃሴ ግን ጊዜ በጨመረ ቁጥር ያድጋል፤ በግምት በጊዜው ስኩዌር ሩት መጠን፣ ማለትም አራት እጥፍ ጊዜ የቆየ ግብይት ሁለት እጥፍ ርቀት ያገኛል። ዒላማውና ስቶፑ እኩል 6 ፒፕ ለሆነ ስልት ወጪው 1.5 ከሆነ ኪሳራና ትርፍ እኩል የሚሆኑት ከመቶ 62.5 ግብይት ሲያሸንፍ ነው። ዒላማውና ስቶፑ 30 ፒፕ ቢሆኑ በዚያው ወጪ ከመቶ 52.5 ይበቃል። ስሌቱ ስቶፑን ከወጪው ጋር ደምሮ ለስቶፑና ለዒላማው ድምር ማካፈል ነው፤ ማንኛውንም ስልት ገና ሳይሞክሩ በዚህ መመዘን ይቻላል።

ከዚህ ጋር የመግቢያውን መስፈርት ማጥበቅ፣ ዋጋው ከአማካዩ ይበልጥ ሲርቅ ብቻ መግባት፣ የግብይቱን ቁጥር ይቀንሳል፤ የእያንዳንዱን ትርፍ ግን ሊያሳድግ ይችላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ወጪውን ካስገቡ በኋላ ትርፍ እስኪያሳይ ድረስ ቁጥሮቹን ደጋግሞ መለዋወጥ ነው። ለመለዋወጫ ያልተነካ የመረጃ ክፍል፣ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት፣ ለብቻው አስቀምጠው በስተመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩበት። በዚያ ላይ ከወደቀ ተመልሶ ማስተካከል አይፈቀድም፤ ያ ክፍል ከተነካ በኋላ ምስክርነቱ ያበቃል።

ደረጃ 7፦ ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚያዝ መዝገብ

ስልቱ እነዚህን ሁሉ አልፎ በእውነተኛ ሒሳብ ሲጀምር በ0.01 ሎት ይቆይ፤ ለእያንዳንዱ ግብይትም አራት ቁጥር ይመዝገብ፦ በመግቢያው ደቂቃ የነበረው ስፕሬድ፣ የመግቢያ ስሊፔጅ፣ የመውጫ ስሊፔጅና ኮሚሽኑ፤ ለሽያጭ ደግሞ የመውጫው ደቂቃ ስፕሬድ። በየወሩ መጨረሻ ያንኑ ወር በደረጃ 5 አሠራር ሙከራ አድርገው የሙከራውን ግብይቶች ከተፈጸሙት ጋር ጎን ለጎን ያኑሯቸው። በሙከራው ያለ በእውነት ግን የሌለ ግብይት ካለ ያልተፈጸመ ሊሚት ወይም የተቋረጠ ኔትወርክ ነው። ሁለቱም ያላቸው ግብይት ላይ ዋጋው ከተለያየ ልዩነቱ ስሊፔጅ ነው፤ አማካዩ በሙከራ ከተሰጠው በልጦ ሁለት ወር ተከታትሎ ከታየ አዲሱን ቁጥር በሙከራው ውስጥ አስገብተው ስልቱ የእጥፍ መለኪያውን አሁንም ያልፍ እንደሆነ ያስሉ። ካላለፈ ሎቱ አይጨመርም፤ ሒሳቡ በዚያ ወር ትርፍ አሳይቶ እንኳ ቢሆን።